ሐይቁ በረዶ ሲለብስ ዓሣው ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ሚኒሶታ ከመጣሁ ሁለተኛ ዊንተሬ ነው። ሰፈራችን ያለው ሐይቅ ሙሉ በሙሉ በረዶ ሆኗል፤ ሰዎች ላዩ ላይ ወጥተው እየበሱ ዓሣ ያጠምዳሉ። በረዶው ለምን ወደ ታች አይሰምጥም? ዓሦቹስ እንዴት በሕይወት ይቆያሉ? አምና በረዶው እንደቀለጠ ደግሞ ዳር ዳሩን ብዙ የሞተ ዓሣ አይቻለሁ። በብርድ ነው የሞቱት?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። አይደለም፣ በብርድ አልሞቱም። ዓሦቹ የሞቱት በአየር እጦት ይመስለኛል፤ ማለትም ውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን አልቆባቸው። ይህን ለመረዳት ግን መጀመሪያ በረዶው ለምን ላይ እንደሚቀር ማወቅ ያስፈልጋል። ዓሣውን ከብርድ የሚያድነውም፣ አየር የሚያሳጣውም ያው በረዶ ነውና።

አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲጠጥር ደግሞ የበለጠ ይኮማተራል። የቀለጠ ሰም ውስጥ ጠጣር ሰም ቢጥሉ ይሰምጣል። ውኃ ግን ከዚህ ሕግ ይወጣል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውኃ አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ሜትር ኪዩብ በረዶ ግን የሚመዝነው 917 ኪሎ ብቻ ነው። ውኃ ሲጠጥር በመቶ ዘጠኝ ያህል ይሰፋል ማለት ነው። ፍሪዘር ውስጥ የተረሳ የቢራ ጠርሙስ የሚፈነዳውም ለዚህ ነው።

ምክንያቱ ያለው በውኃ ሞለኪውሎች አያያዝ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አለው። የአንዱ ሃይድሮጅን የጎረቤቱን ኦክስጅን ይስባል። ፈሳሽ ውኃ ውስጥ ይህ መያያዝ በየቅጽበቱ ይበጠሳል፣ እንደገና ይቀጠላል። ሞለኪውሎቹም ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ እንደታጨቀ ተሳፋሪ እርስ በርስ ተጠጋግተው ይተሻሻሉ። ውኃው ሲጠጥር ግን እያንዳንዱ ሞለኪውል በትክክል አራት ጎረቤቶችን ይይዛል፤ ርቀቱንና አቅጣጫውንም ይጠብቃል። ውጤቱ ባለ ስድስት ጎን፣ መሐሉ ባዶ ቦታ ያለው አደረጃጀት ነው። ያው ቁጥር ያለው ሞለኪውል አሁን ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በረዶ ይቀላል፣ ይንሳፈፋል።

ብዙ ሰው ማብራሪያውን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ለዓሣው ግን እኩል ወሳኝ የሆነ ሌላ ባሕርይ አለ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ስለሚደባለቁ ለይቼ ላስቀምጠው።

ውኃ ገና ፈሳሽ እያለ ከሁሉ የሚከብደው ዜሮ ዲግሪ ላይ ሳይሆን 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከ20 ዲግሪ ወደ 4 ሲቀዘቅዝ እየከበደ ይሄዳል። ከ4 ወደ ዜሮ ሲወርድ ደግሞ መልሶ ይቀላል። በረዶ ከመሆኑ በፊት ሞለኪውሎቹ ያንን ሰፊ አደረጃጀት እዚህም እዚያም መሥራት ስለሚጀምሩ ነው። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ውኃ 4 ዲግሪ ላይ እና ዜሮ ዲግሪ ላይ ቢመዘን ልዩነቱ 130 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህች 130 ግራም ግን የሐይቁን ዊንተር ትወስናለች።

በመስከረምና በጥቅምት ምን እንደሚሆን እንከተል። የሐይቁ ላይኛው ውኃ አየሩን ተከትሎ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፤ ስለዚህ ይሰምጣል። ሞቅ ያለው ከሥር ይወጣል፣ እሱም በተራው ቀዝቅዞ ይወርዳል። ነፋሱም ያግዛል። እንዲህ እየተገላበጠ ሐይቁ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሙቀት ይይዛል፣ 4 ዲግሪ አካባቢ። ይህ መገላበጥ ለዓሦቹ ትልቅ ስጦታ ነው። በበጋው ሁሉ አየር ሳያገኝ የቆየው የታችኛው ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ ኦክስጅን ይሞላል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ከ4 ዲግሪ በታች የወረደው የላይኛው ውኃ ከሥሩ ካለው ስለሚቀል አይሰምጥም፤ እዚያው ላዩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ዜሮ የሚወርደው ስስ የሆነ የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው። ነፋስ የሌለበት ቀዝቃዛ ሌሊት ሲመጣ ያ ሽፋን በአንድ ሌሊት ይጋገራል። ሐይቁ የተዘጋው ከታች ያለው ውኃ ገና ፈሳሽ እንደሆነ ነው።

ትምህርት ቤት ስንማር «የሐይቁ ወለል ዊንተሩን ሁሉ 4 ዲግሪ ነው» ይባላል። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ያች 130 ግራም ትንሽ ስለሆነች፣ ነፋስ የሚበረታበት ሰፊ ሐይቅ ከ4 በታችም መማሰሉን ይቀጥላል። አንዳንዱ ሲዘጋ ወለሉ 2 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ደግነቱ፣ የሐይቁ ጭቃ በበጋ የያዘውን ሙቀት ቀስ እያለ ለውኃው ይመልሳል። ስለዚህ በረዶው ከተዘጋ በኋላ የወለሉ ውኃ በዝግታ እየሞቀ ወደ 4 ይጠጋል። ውጭ ከዜሮ በታች 25 ሲሆን ከሥር ሙቀቱ ሊጨምር ይችላል ማለት ነው።

በረዶው ለምን እስከ ወለሉ እንደማይደርስ ደግሞ እንይ። አዲስ በረዶ የሚጨመረው ከሥር ነው። አንድ ኪሎ ውኃ በረዶ እንዲሆን ብዙ ሙቀት መልቀቅ አለበት፤ ያንኑ አንድ ኪሎ ከ80 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማቀዝቀዝ የሚወጣውን ያህል። ያ ሙቀት ማምለጫው ወደ ላይ፣ በበረዶው ውስጥ ብቻ ነው። በረዶው በወፈረ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል፣ ማደጉም ይዘገያል። የመጀመሪያው 10 ሳንቲ ሜትር በጥቂት ብርዳም ቀናት ይሠራል፤ የሚቀጥሉት ሃምሳዎቹ ግን ወራት ይፈጃሉ። ላዩ ላይ ስኖው ከወረደበት ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ትኩስ ስኖው በአየር የተሞላ ስለሆነ ሙቀትን ከበረዶው ከአሥር እጥፍ በላይ አጥብቆ ያግዳል።

ዓሣውስ? የአገሩ የሐይቅ ዓሣ ደም የሚጠጥረው ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ አካባቢ ነው። ንጹሕ የሐይቅ ውኃ ፈሳሽ ሆኖ እስካለ ድረስ ከዜሮ አይወርድም። ስለዚህ ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ በብርድ ሊጠጥር አይችልም። ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት ከውኃው ጋር አብሮ ስለሚወርድ ኑሮውም ይዘገያል፤ ምግብም አየርም ጥቂት ይበቃዋል። ዎልአይና ኖርዘርን ፓይክ የሚባሉት ግን ዊንተሩንም ሁሉ ምግባቸውን ያድናሉ። እነዚያ በረዶ በስተው የተቀመጡት ሰዎች የሚጠብቁትም ይህንኑ ነው።

እስካሁን በረዶው ጠባቂ ነበር። አሁን ወደ ሞቱት ዓሦች እንሂድ።

ሐይቁ ሲዘጋ ውኃው በኦክስጅን የተሞላ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት ይልቅ ብዙ አየር ይይዛል፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ በአንድ ሊትር 14 ሚሊግራም ገደማ፣ 20 ዲግሪ ላይ ግን 9 ብቻ። ስለዚህ ዓሦቹ ወደ ዊንተር የሚገቡት ስንቃቸውን ሞልተው ነው። ነገር ግን በረዶው ክዳን ነው። ከተዘጋ በኋላ ከአየር ወደ ውኃ የሚገባ ነገር የለም፤ ነፋስም አያማስለውም። የሚቀረው አንድ ምንጭ ብቻ ነው፦ ብርሃን በበረዶው አልፎ ከሥር ላሉት አልጌዎችና ተክሎች ከደረሰ፣ እነሱ ኦክስጅን ይሠራሉ። ጥርት ያለ በረዶ ብርሃን ያሳልፋል። ስኖው ግን አያሳልፍም። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ስኖው አብዛኛውን ብርሃን ይመልሰዋል፤ አንድ ስንዝር ከሆነ ከሥሩ ጨለማ ነው ማለት ይቻላል።

እና ኦክስጅኑን ማን ይጨርሰዋል? ዓሦቹ አይደሉም፤ የእነሱ ድርሻ ትንሽ ነው። ዋናው ተጠቃሚ ባክቴሪያ ነው። በበጋ የበቀለው አረምና አልጌ ሞቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ባክቴሪያዎች ያንን ሲያበሰብሱ ኦክስጅን ይወስዳሉ። ስለዚህ አየሩ የሚያልቀው ከታች ጀምሮ ነው። በታኅሣሥ ከጭቃው በላይ ያለው ውኃ ይሟጠጣል፤ ከዚያ ድንበሩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ዓሦቹ ሞቅ ያለውን ወለል ትተው ወደ በረዶው ይጠጋሉ። ሞቃቱ ውኃ አየር የለውም፣ አየር ያለው ደግሞ ከሁሉ የቀዘቀዘው ነው። በመጨረሻ ከበረዶው ሥር በስስ ሽፋን ይጨናነቃሉ።

ለምን አንዱ ሐይቅ ላይ ሆኖ ሌላው ላይ እንደማይሆን በሒሳብ ላሳይዎት። ከበረዶው ሥር በአማካይ 2 ሜትር ውኃ ያለው ሐይቅ እንውሰድ። ሲዘጋ በሊትር 12 ሚሊግራም ኦክስጅን አለው እንበል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውኃ ውስጥ 12 ግራም ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በረዶ ሥር 24 ግራም ስንቅ አለ። ብዙ ዓሣ በሊትር 2 ሚሊግራም ላይ ሲደርስ ችግር ውስጥ ስለሚገባ የመጨረሻውን 4 ግራም አንቆጥረውም። የቀረው 20 ግራም ነው። አረም የበዛበት ሐይቅ ወለል በቀን ሩብ ግራም ያህል በካሬ ሜትር ቢጨርስ፣ ስንቁ 80 ቀን ይቆያል።

ሐይቁ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1 ተዘጋ እንበል። 80 ቀን ማለት ፌብሩዋሪ 19 አካባቢ ነው። የሚኒሶታ ሐይቆች ብዙውን ጊዜ የሚከፈቱት ግን በማርች መጨረሻና በኤፕሪል ነው። ከአንድ ወር በላይ ይጎድላል። ያ ክፍተት ነው ዓሦቹን የሚገድላቸው።

አሁን አማካዩ 8 ሜትር የሆነ ሐይቅ ይውሰዱ፤ ሌላው ሁሉ አይለወጥ። ጭቃው ያው ካሬ ሜትር ነው፣ የሚጨርሰውም ያው ሩብ ግራም። ስንቁ ግን አራት እጥፍ ነው፤ 320 ቀን ያቆያል። በረዶው ቀልጦም ይተርፋል። የሚኒያፖሊስ ቢዴ ማካ ስካ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ 25 ሜትር ያህል ይደርሳል። እንዲህ ባለ ሐይቅ ውስጥ የታችኛው ውኃ አየር ሊያጣ ይችላል፤ የላይኛው ግን ለዓሣው ይበቃል። እርስዎ የሞተ ዓሣ ያዩበት ሐይቅ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ፣ በበጋም አረም የሚሞላው እንደሆነ እገምታለሁ።

የቁጥሮቹ ትክክለኛነት ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል። ሩብ ግራም ያልኩት የአረምና የጭቃው ብዛት ሲቀንስ ይቀንሳል፣ ሲበዛ ይጨምራል። ስኖው ቀደም ብሎ ከወረደና ሳይነሳ ከቆየ ብርሃን የሚሠራው ኦክስጅን የለም። በረዶው ለረጅም ሳምንታት ጥርት ብሎ ከቆየ ግን አልጌው ስንቁን እየሞላ ያው ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ዊንተሩን ሊያልፍ ይችላል። አንድ ዓመት ዓሣ ያለቀበት ሐይቅ በሚቀጥለው ዓመት ምንም ሳይሆን የሚያልፈው ለዚህ ነው።

ሁሉም ዓሣ እኩል አይጎዳም። መጀመሪያ የሚሞቱት ብሉጊልና ላርጅማውዝ ባስ ናቸው። ኖርዘርን ፓይክና የሎው ፐርች ከእነሱ የበለጠ ይታገሳሉ። ቡልሄድ የሚባለው ባለ ጢም ዓሣ በጣም ዝቅተኛ ኦክስጅን ይችላል። በአውሮፓ ኩሬዎች የሚኖረው ክሩሺያን ካርፕ ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ፍጡር ነው። ኦክስጅን ጨርሶ በሌለበት ቀዝቃዛ ውኃ ለወራት ይቆያል። ያለ አየር ሲኖር ሰውነቱ ውስጥ የሚጠራቀመውን አሲድ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ አልኮሉም በሚተነፍስባቸው ስንጥቦች በኩል ወደ ውኃው ይወጣል።

በአገራችን ሐይቅ አይጋገርም። ያው የውኃ መክበድና መቅለል ግን ዓሣ ሲገድል ይታያል፤ በሌላ መንገድ። በቢሾፍቱ ጥልቅ ሐይቆች በብርዳማው ወራት የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል። ከሥር ለረጅም ጊዜ አየር ያጣው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል። ዓሦቹ በድንገት አየር በሌለው ውኃ ይከበባሉ። በሚኒሶታ ዓሣ የሚገድለው ውኃው አለመገላበጡ ነው፤ በቢሾፍቱ መገላበጡ።

ሐይቁ አደጋ ላይ መሆኑን ከላይ ሆኖ ማወቅ ይቻላል። አስተማማኙ መንገድ የኦክስጅን መለኪያ ነው። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ በተበሳው ጉድጓድ መለኪያውን አውርዶ በየግማሽ ሜትሩ ማንበብ። ከበረዶው ሥር ያለው ንባብ እንኳ በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች ከሆነ ያሰጋል። መለኪያ ለሌለው ሰው አፍንጫ ይረዳል። ሲበሱ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ፣ ወለሉ ላይ ኦክስጅን አልቆ ሌላ ዓይነት መበስበስ ተጀምሯል። ትናንሽ ዓሦችና የውኃ ነፍሳት ወደ ተበሳው ጉድጓድ ተሰብስበው አፋቸውን ወደ ላይ ካደረጉ ደግሞ ሁኔታው ከፍቷል።

«ጉድጓድ ብንበሳሳስ?» ብለው ያስቡ ይሆናል። አይጠቅምም። ቀዳዳዎቹ ከሐይቁ ስፋት አንጻር ምንም ናቸው፤ ወዲያው መልሰውም ይጋገራሉ። ስኖውን ማንሳት ግን ሊረዳ ይችላል፤ ከሥር ያለው በረዶ ጥርት ያለ ከሆነና ሐይቁ ውስጥ አልጌ ካለ። ነጭ፣ አየር ያቀፈ በረዶ ከሆነ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ሥራው የሚሠራው አየር በሚነፋ ማሽን ነው፤ ከወለሉ አረፋ እየለቀቀ የተወሰነ ቦታ ሳይጋገር ክፍት ያቆየዋል። ይህ ቀድሞ መጀመር አለበት። ኦክስጅኑ ካለቀ በኋላ ማሽኑ ቢከፈት ያንን የሸተተ የታችኛ ውኃ አንስቶ የቀረውን ጥሩ ውኃ ሊበክለው ይችላል። በሚኒሶታ ሕዝብ በሚጠቀምበት ሐይቅ ላይ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስስ በረዶ መኖሩን የሚያስጠነቅቅ ምልክትም መተከል አለበት። በዚህ ምልክት አጠገብ ልጆችዎን አያስቀርቡ። ሌላውም ቦታ ቢሆን፣ የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በእግር ለመውጣት ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር አዲስ ጥርት ያለ በረዶ ይጠይቃል። ነጩ በረዶ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ስለሆነ እጥፉን ይፈልጉ።

ዘንድሮ ደግሞ በረዶው ሲከፈት ዳር ዳሩን ይመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚንሳፈፉ፣ ገላቸው የነጣና ሻጋታ የመሰለ ነገር የለበሱ ዓሦች ካሉ፣ ከሳምንታት በፊት በበረዶው ሥር የሞቱ ናቸው። ብሉጊልና ባስ በብዛት ሞተው ቡልሄድ በሕይወት ከታየ ምክንያቱ የአየር እጦት ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። ውኃው ከሞቀ በኋላ፣ በሜይና በጁን የሚሞት ትኩስ ዓሣ ካዩ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከእንቁላል መጣል ድካም ጋር የሚመጣ የባክቴሪያ በሽታ ነው። በሁለቱም ጊዜ ለተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ የዓሣ ክፍል ይደውሉ። የሐይቁን ስም፣ ቀኑንና የትኞቹ ዓሦች እንደሞቱ ይንገሯቸው፤ አዲስ ዓሣ መጨመር ይኑርበት አይኑርበት የሚወስኑት በእንዲህ ያለ መረጃ ጭምር ነው።